ጅብ የበላው ብራና

እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ኃይለ መስቀል የሚባል ብራና ፋቂ ነበር። ቦታው ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባበት ነው፤ እሱ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሰነበተ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ሲፍቅ የሚውል ሰው። ወገቡ ካለቀ ቆይቷል።

ደብረ ሊባኖስ ላሉት ጸሐፊ፣ ለመምሬ ሠረቀብርሃን፣ ሃያ ቅጠል ብራና በነጋዴው በበላይነህ እጅ ላከ። ዋጋውን አስቀድሞ በአሞሌ ጨው ተቀብሏል። በላይነህ መንገድ ላይ ሲያድር ስልቻውን ራስጌው ቢያኖረው፣ ጅብ ጎትቶ ከነስልቻው በላው። ምን ይደረግ፣ ቆዳ ነዋ! ጅብ ዳዊት ይጻፍበት ጫማ ይሰፋበት መች ጠይቆ ያውቃል። በላይነህም አፍሮ ሁለት ወር ድምፁን አጠፋ። ነገሩ የታወቀው መምሬ «ብራናዬ የት ደረሰ? ዳዊቱ ሰባኛው መዝሙር ላይ ቆሟል» ብለው ሲልኩ በላይነህ ተጠይቆ እውነቱን ያወጣ ጊዜ ነው።

የኃይለ መስቀል ሚስት ወለተማርያም አሞሌውን መልሶ እንዲገላገል መከረችው። ሌላ እልካለሁ እንዳይልም አደራ አለችው። ምክንያት ነበራታ! ሌላ ቢላክ የሚነካው ቤት ውስጥ የተቀመጠው ብራና ነው፤ እሱ ደግሞ ልጅ ያልወለዱት ባልና ሚስት ለራሳቸው ዳዊት ማጻፊያ ብለው፣ ከየሥራው ምርጡን እየለዩ በሰባት ዓመት ያጠራቀሙት ነው። ያውም ገና ግማሹ አልሞላም። ዳዊቱ ለራጉኤል ተሰጥቶ፣ መጨረሻው ላይ ስማቸው ተጽፎ፣ የደገመበት ሁሉ በጸሎት እንዲያስባቸው ነበር ሐሳባቸው። ከሞቱ በኋላ የሚያስባቸው ሌላ ማን አላቸው?

ኃይለ መስቀል ቁራጭ ብራና ፈልጎ ጻፈ፤ ጽፎም አነበበላት።

«ይድረስ ለመምሬ ሠረቀብርሃን። እንዴት ሰንብተዋል? ብራናዎን መንገድ ላይ ጅብ በላው። በላይነህን አይቀየሙት፤ የላክሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ። አሞሌዎን ልመልስ ወይስ ሌላ ሃያ ቅጠል ልላክ? የወደዱትን ይዘዙኝ።»

«‹ወይስ› የሚለውን ምን አመጣው?» አለችው።

የሰው ዳዊት እኩሌታው ላይ ቆሞ ጨው ቢመልሱለት ምን ይረባዋል ብሎ መለሰላት። በሆዱ ግን «ጨዉን መልስ ይበሉኝ፣ እባክህ አምላኬ፣ ጨዉን መልስ ይበሉኝ» እያለ ይለምን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። መምሬ ይቅር ብለውታል፤ አመስግነውታልም። እንደ እሱ ስስ አድርጎ የሚፍቅ ስላላገኙ አሞሌውን ትቶ ብራናውን እንዲልክላቸው ለምነዋል። ለካ ምስጋናም እንዲህ አንጀት ያቃጥላል።

ወለተማርያም ብራናውን አወረደች። ሃያ ቆጠረች፤ ሁለት ተረፈ። ሃያውን በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«አሁንስ ለማንም አልሰጥም፣ ራሴ አደርሰዋለሁ» አላት። «ስመለስ ለኛ እንደገና መፋቅ እጀምራለሁ።»

እጁን አየችው። ጣቶቹ ከተቆለመሙ ወዲህ አልዘረጋ ብለዋል።

«በየትኛው እጅህ?» አለችው።

ኃይለ መስቀል ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ መንገዱን ጀመረ።