ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ቤት

ሪፖርት ጸሐፊዋ ለለጋሾች የሚላከውን የዓመቱን ሪፖርት ለመጨረስ አንድ ሠንጠረዥና የመጨረሻው ክፍል ብቻ ቀርተዋት ነበር። ክንውኑ ተጽፏል፤ ድርጅቱ እህል ከነቀዝ የሚጠብቅ ክኒን ለስድስት መቶ አርባ ቤተሰብ አድሏል። ውጤቱም ያምራል፤ በነቀዝ የሚበላሸው እህል በግማሽ ቀንሷል። የሠለጠኑትን ቁጥር ለመሙላት የፊርማ ወረቀቶቹን ስትቆጥር ግን አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ አለቀባት። ደግማ ቆጠረች። ያው ነው።

ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ጋዝ ይተፋል፤ ጋዙ ደግሞ ነቀዝና ሰው አይለይም። ሥልጠናውም ያስፈለገው «ሰው በሚተኛበት ቤት እንዳታስቀምጡት» ለማለት ነበር።

መስክ ላይ ላለው ሠራተኛ ደወለች።

«ወንድሜ፣ የቀሩት ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ቤቶች መቼ ሠለጠኑ?»

«መንገዱ ተበላሽቶ አሠልጣኙ ቀረብን፣ እትዬ። ክኒኑ ግን ደርሶ ነበርና አደልነው። በኋላ እናሠለጥናለን ብለን ነው።»

«እህላቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«የት ያደርጉታል? ሌባ ይፈራሉ። አልጋቸው ሥር ነዋ!» ካለ በኋላ ድምፁ ወረደ። «እዚህ ከትናንት ጀምሮ ዝናብ ነው። ጣሪያው ሁሉ ያፈሳል።»

ወረቀቶቹን ይዛ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ሽማግሌው መነጽሩን አውልቆ ሰማት።

«የሞተ ሰው አለ?»

«እኛ የሰማነው የለም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከመሬት ተነስተሽ ጉድ አታፍይ። ሪፖርቱ ሐሙስ ይላካል። ‹የተገኙ ትምህርቶች› በሚለው ሥር ‹ሥልጠናና ሥርጭት ቢቀናጁ መልካም ነው› በይና እለፊው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፣ ጋሼ። መኪናውን ይፍቀዱልኝና ክኒኑን እንሰብስብ። ካልፈቀዱ ሪፖርቱን ሌላ ሰው ይጻፈው።»

ሽማግሌው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላት።

እሷና የመስክ ሠራተኛው ሦስት ቀን በጭቃ እየዳከሩ ቤት ለቤት ዞሩ። በሁለተኛው ቀን የአንድ ቤት በር ሲከፈት ነጭ ሽንኩርት የመሰለው የጋዙ ሽታ ፊታቸውን መታው። እናትና ሁለት ልጆች ወለሉ ላይ ያስመልሳሉ። «የበላነው ምግብ ነው ያልተስማማን» አለች እናትየው። ጎትተው አወጧቸው፤ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ ሦስቱም ተረፉ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ገና ጭቃዋን ሳታራግፍ፣ የመጨረሻውን ክፍል ጻፈች። ሳያሠለጥኑ ማደላቸውን፣ ጥፋቱ የድርጅቱ መሆኑን፣ ከእንግዲህ ያልሠለጠነ ሰው ክኒን እንደማይሰጠው አሰፈረች። ቀጥላም፦ «ከሁለት መቶ ሃያ ሰባት ቤት ክኒኑ ተሰብስቧል። አንድ ቤተሰብ ስምንት ልጆቹንና ክኒኑ ያለበትን እህል ይዞ ከሰፈሩ ለቋል። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም።»

ዳይሬክተሩ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሳ። ይሰርዛታል ብላ ጠበቀች። አልሰረዛትም፤ ፈረመ።

«ያያቸው ሰው ሊደውል ይችላል፤ ስልክሽን እንዳትዘጊ» አላት ብቻ።

ዝናቡ አላቆመም። ስልኩም አልጮኸም።