የጋሽ የሲን የመጨረሻ ምዕራፍ

«ወንድሜ ረጅም ወሬ አይሰማም። ስሙን አይቶ መጨረሻ ላይ ወደ ነገርኩት ቀጥታ እንዲገባ አድርጊልኝ፣ አደራ» አሉኝ ጋሽ የሲን፣ ማይክራፎኑን ከኮታቸው ላይ ሳወልቅላቸው።

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስለ ድሮዋ ፒያሳ በምንሠራው ፖድካስት ላይ ከሰዓት በላይ አወሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሱፊያን የጋራ ሱቃቸውን ሳያማክራቸው ለሌላ ሰው ከሰጠ ወዲህ እንደተኳረፉ ቀርተዋል። መሐል ላይ ይህን ሲያነሱ ንግግራቸው ይመር ነበር። አዘጋጁ አመስግኖ ሊዘጋ ሲል ግን፣ «ሱፊያን፣ አፉ ብዬሃለሁ። ሳንሞት ና» አሉ።

የእኔ ሥራ የተቀዳውን ከጽሑፍ ግልባጩ እያነበብኩ በምዕራፍ መክፈል፣ ለየምዕራፉ መነሻ ደቂቃና ስም መስጠት፣ አጭር ማብራሪያም መጻፍ ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ «ሱፊያን፣ አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት። አለቃዬ አማኑ አይቶ ሳቀ።

«እንቁዬ፣ ጉዱን ርዕሱ ላይ ከዘረገፍሽው ማን ያዳምጠናል? ‹መሰናበቻ› በይው። የመሐሉን ‹ወንድሜ ከዳኝ› በይልኝ፤ ሰው እሱን ነው የሚጫነው።»

«ሰውዬው እኮ አደራ ብለውኛል!»

«ሙሉውን ከሰማ ያገኘዋል።»

ውሃ የማያነሳ ምክንያት ነው። አማኑ ክፉ ሰው አይደለም፤ የአድማጭ ብዛት ሲያይ ግን ሌላ ነገር አይታየውም። እየተናደድኩ ያለውን ጻፍኩ፤ ተለቀቀ።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ የሲን ቸርችል ጎዳና ያለው ቢሯችን ድረስ መጡ። «ሱፊያን እስካሁን አልመጣም» አሉኝ። የዚያኑ ቀን አማኑን ሳላስፈቅድ ማብራሪያውን ለውጬ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ስም ወደ መጀመሪያው መልሼ ፋይሉን እንደገና ጫንኩት። ቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ ሰው ግን የሚያየው አሮጌውን ነው። ሱፊያን አላወረደው ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሱፊያን ልቡን ያመው ነበር። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ለቅሶ ስሄድ ልጁ ኢክራ የአባቷን ስልክ ይዛ ከአጎቷ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ፖድካስቱ እንደወጣ ነው አባባ ያወረደው» አለች። «‹ወንድሜ ከዳኝ› የሚለውን ከፍቶ ሰማ። ‹እውነቱን ነው፣ በምን ፊቴ እሄዳለሁ?› ብሎ ዘጋው።»

ጋሽ የሲን ስልኩን ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት። «የኔን ክፈቺልኝ።»

«መሰናበቻ» የሚለውን ተጫንኩ። የአዘጋጁ ምስጋና አለፈ፣ የእሳቸው ድምፅ ተከተለ፦ «ሱፊያን፣ አፉ ብዬሃለሁ። ሳንሞት ና።» ኢክራ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና አለቀሰች።

ጋሽ የሲን ስልኩን ከእጄ ወስደው «መሰናበቻ» የሚለውን አነበቡ።

«ስሙን አልጻፍሽለትም» አሉኝ።