የእትዬ ወርቅነሽ ኩክ ማውጫ

ፍሬሕይወት ርብ ወንዝ ዋኝታ ከወጣች ጀምሮ ቀኝ ጆሮዋ ጥጥ እንደተወተፈበት ሁሉ ድፍን አለ። አክስቷ እትዬ ወርቅነሽ ከአንገታቸው ማተብ ላይ የታሰረችውን የብር ኩክ ማውጫ ፈቱ። የይፋግን ሰው ጆሮ ሁሉ የሚጠርጉት በሷ ነው።

«ነይ፣ ጭኔ ላይ ጋደም በይ።»

«አልጋደምም። ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል፣ የጆሮ ታምቡርም ይቀድዳል። እርስዎስ ታዲያ በግራ ጆሮዎ ለምን አይሰሙም?»

እትዬ ወርቅነሽ አኮረፉ።

ጤና ጣቢያ ነርሱ ሞገስ ጆሮዋን ጎተት አደረገው። አላመማትም፤ ፈሳሽም የለውም። በመብራት አየና «ኢንፌክሽን ቢሆን ገና ስነካሽ ያምሽ ነበር። ይሄ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ኩክ ነው» አላት። ማለስለሻ ጠብታ ሰጣት። በአምስተኛው ቀን ታምቡሯ ደህና መሆኑን አይቶ በለብታ ውሃ አጠበላት። ዓለም በአንዴ ተንጫጫ።

ቤት ስትገባ እትዬ ወርቅነሽ ምስር ይለቅማሉ። «መጣች ደንቆሮዋ» ብለው አጉተመተሙ።

«ሰማሁዎት፣ እትዬ» አለች በግራቸው ቆማ። ቀና እንኳ አላሉም።

ዞራ በቀኛቸው መጣች። «ሰማሁዎት አልኩ። ነገ ጤና ጣቢያ የእርስዎ ተራ ነው።»