ልጆቹ ቁርስ በልተው ነበር

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የሱቄ በር ላይ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ» ይላል፤ ሥራዬ ግን በአብዛኛው የተቸገረ ሰው ለቢሮ የሚያስገባውን ወረቀት ማሳመር ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ችግር ስተይብ አንድ ነገር የተማርኩ መስሎኝ ነበር፦ ወረቀቱ ካላስለቀሰ መልስ የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ «እርዳታ» የሚል ፋይል አለኝ። ስሙን፣ በሽታውን፣ የልጆቹን ብዛት መቀየር ብቻ ነው። እንባው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። የልቡ አንዱ ቫልቭ ጠቦ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሆስፒታል አስገባነው። ሐኪሙ ቫልቩ በሰው ሠራሽ መቀየር እንዳለበት ነገረንና ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀጠሮ ያዘልን። ሆስፒታሉ የሰጠን የዋጋ ግምት አራት መቶ ሃያ ሺህ ብር ይላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ተከፍሎ ማለቅ አለበት። ከሁለቱ የስፌት መኪናዎቹ አንዱ ተሸጠ፣ ዘመድ ተሯሯጠ፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ሞላ። ከዚያ በላይ ማንም እጅ ላይ አልነበረም።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? አንድ ከሰዓት ወንድሜ ተኝቶ ሳለ ደረቱ ላይ የተለጣጠፈው ሽቦ እንዲታይ የሆስፒታሉን ጋውን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ፎቶ አነሣሁት። አፉ ተከፍቶ ነበር። ይህ ሰው እኮ የደንበኛ የሸሚዝ ቁልፍ ላልቶ ሲያይ በር ላይ አስቁሞ በነጻ የሚተክል ሰው ነው። ከዚያ «እርዳታ» የሚለውን ፋይል ከፍቼ ስሙንና በሽታውን ቀየርኩና ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። አንዱ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «ልጆቹ ያለ ቁርስ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ማታም ውሃ ጠጥተው ያድራሉ።» ይህ የሌላ ሰው ችግር ነው፤ ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ነግራኝ የጻፍኩት። በጥድፊያ ሳላየው አለፈኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አይቼዋለሁ። አንብቤው ነው የተውኩት።

በሁለት ቀን በሒሳቤ ዘጠና ሺህ ገባ። የባንክ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ አየው ነበር። ኩራት ኩራት አለኝ፤ ለወንድሜ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ ሲሞላ አስደንቀዋለሁ ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ከሚስቱ ጋር ቤታቸው ተቀምጠን ሳለ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ገባች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ ግማሽ ግማሽ ዳቦ፣ ሙዝ፣ የተከፈተ ብስኩት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እናቷ።

«የክፍል ልጆች አዋጡልኝ። መምህሯ ስለ እኛ የተጻፈውን ፌስቡክ ላይ አይታ፣ ፊት አስወጥታኝ ‹አይዞሽ በሏት› አለቻቸው።» ልጅቷ ወደ እኔ አላየችም። «ምሳ ዕቃዬን ከፍቼ አሳየኋቸው። ‹ዛሬ ብቻ ነው የቋጠሩልሽ› አሉኝ።»

እናቷ ስልኳን አውጥታ ጽሑፉን ፈልጋ አነበበችው። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው።

«በየቀኑ ሳይነጋ ተነሥቼ የምቋጥረው ምንድነው?» አለችኝ። «ድንጋይ ነው?»

«እትዬ፣ ሰው እንዲሰጥ ብዬ ነው...»

«ከእኔ ቤት ምን ጎድሎ አየሽ?»

መሬት ብትሰነጠቅልኝ እገባ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ስደርስ ወንድሜ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ጎኑ የተኛው በሽተኛ «አንተ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ፎቶውን አሳይቶታል።

«ነይ ጸሐፊዋ» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያሾፍብኝ የሚጠራኝ እንዲህ ነው፤ ያን ቀን ግን አላሾፈም። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳለብስ ኖሬ፣ አንቺ እኔን ራቁቴን ገበያ አወጣሽኝ?»

«ጋሼ፣ ብሩ እየገባ ነው። ዘጠና ሺህ ደርሷል።»

«ለማን ነው የገባው? ጦሙን ለሚያድር ልጅ ነው። እኔ ጦሙን የሚያድር ልጅ የለኝም። በዚህ ገንዘብ ልቤን አላስነካም፤ ዛሬውኑ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

አለቀስኩ። ልብ ብለህ እየው፣ ትሞታለህ አልኩት። ትንፋሹን ሰብስቦ ጠበቀኝና፣ «እንግዲያው አውርጂው» አለ። «እውነቱን ጻፊ። የመጀመሪያው ውሸት እንደነበርም ጻፊ። ገንዘቤን መልሱልኝ ያለ ይመለስለት።»

«ሁሉም ካስመለሱስ?»

«ያኔ ቢያንስ ለብሼ እሞታለሁ።»

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ፤ እሱ ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው ቃል በቃል እየለካ አስቆረጠኝ። «ምስኪን» ስል «ቁረጪ» አለ። «ለነፍሳችሁ» ስል «እሱንም ቁረጪ፣ የሰው ነፍስ ምን አገባን?» ልጆቹን አንድም ቦታ እንዳልጠቅስ አስማለኝ። ፎቶውን ራሱ ከስልኩ መረጠው፦ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ በቀረችው የስፌት መኪና ፊት፣ ኮቱን ለብሶ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ልብስ ሰፊ ነኝ። የልቤ አንድ ቫልቭ ጠቦ መቀየር አለበት። ሆስፒታሉ የጠየቀው 420 ሺህ ነው። 180 ሺህ እኛው አሟልተናል፤ የጎደለው 240 ሺህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ገንዘቡ የሚገባው በባለቤቴ ሒሳብ ነው፤ ለሆስፒታሉ የተከፈለበትን ደረሰኝ እዚሁ እናወጣለን። የዋጋ ግምቱን ማየት የፈለገ እህቴ ሱቅ ይምጣ። ከሞላ ወዲያውኑ እንዘጋዋለን፤ የተረፈ ካለ እዚያው ሆስፒታል ላለ ሌላ የልብ ታካሚ ይከፈላል። ከዚህ በፊት የወጣው ጽሑፍና ፎቶ ያለ እኔ ፈቃድ ነው፤ ስለ ልጆቼ የተባለውም እውነት አይደለም። በዚያ ምክንያት 90 ሺህ ገብቷል፤ የሰጣችሁ ብትጠይቁ እንመልሳለን፤ ያልተጠየቀው ከጎደለው ላይ ይቀነሳል። መስጠት ያልቻለ አይጨነቅ።»

ከሥር «የመጀመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ» ብዬ ስሜን ጨመርኩ። እሱ አላዘዘኝም።

ሃያ አንድ ሺህ ተመለሰ። አንዱ «ሌቦች» ብሎ ጻፈ፤ አልሰረዝኩትም። ለአራት ቀን ምንም አልገባም፤ እነዚያን አራት ቀናት ምን በልቼ እንዳሳለፍኩ አላስታውስም፤ ወንድሜን በገዛ እጄ ገደልኩት ብዬ ደምድሜ ነበር። በአምስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሱቄ መጥተው የዋጋ ግምቱን አሳዪኝ አሉ። የሕክምና ካርድ ቁጥሩን ሸፍኜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና፣ «ይሄን ኮት የሰፋልኝ እሱ ነው» ብለው ሄዱ። ከዚያ ደንበኞቹ በየተራ መጡ። ትንሽ ትንሽ ነበር፤ ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ሞላ። የዚያኑ ዕለት ደረሰኙን አውጥተን ዘጋነው።

ወንድሜ ዳነ። አሁን ደረጃ ይወጣል፣ ይሠራል፣ እኔንም ጸሐፊዋ እያለ ያሾፍብኛል። «እርዳታ» የሚለውን ፋይል አጥፍቼዋለሁ። ሰው ሲመጣ ቁጭ አድርጌ የእሱን ችግር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ጊዜ ይፈጃል።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ልኮኝ ለልጅቷ የረሳችውን ደብተር ትምህርት ቤት ይዤላት ሄድኩ። የምሳ ሰዓት ነበር። ከአራት ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣለች፤ አላየችኝም። ሌሎቹ ምሳ ዕቃቸውን ወደ ራሳቸው አስጠግተው ይበላሉ። እሷ የራሷን ክዳኑን አንሥታ ጠረጴዛው መሃል ላይ አስቀመጠች፣ ሁሉም እስኪያዩት ጠበቀች፣ ከዚያ ነው መብላት የጀመረችው። እናቷን ስጠይቃት፣ «ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየቀኑ እንደዚያ ነው» አለችኝ።