የጫናው ድርሻ

ሐጂ ሰላህ ደግ ሰው ናቸው ይባላል። እኔም እላለሁ፤ ደግነታቸው የአሳ ማዘጋጃቸው በር ላይ ሲደርስ ያልቃል እንጂ።

ከጣና ዳር ባለው በዚያ ማዘጋጃ ሴቶች ረጅም የሲሚንቶ ገበታ ከበው፣ ቆመው ቆሮሶ የተባለውን አሳ ይበልታሉ። ከገበታው የወጣው ሥጋ አንድ ላይ ይመዘንና ክፍያው እኩል ይካፈላል። ከሴቶቹ አንዷ ፈይዛ ባጃጅ ተገልብጦ ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ መቆም አቃታት፤ እጇ ግን ደህና ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿን የምታበላው በዚህች ሥራ ነው። ተቀምጣ የምትሠራበት ከፍ ያለ ወንበር ጠየቀች።

ሐጂ ከአቅሜ በላይ ነው አሉ። ወለሉ ውኃ አይለየውም፣ ወንበር ያንሸራትታል፣ መተላለፊያውም ጠባብ ነው አሉ።

ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሰብለ ወንጌል በቀላሉ የምትሸነገል አይደለችም። ሕጉ አሠሪን ነፃ የሚያወጣው ማመቻቸቱ ከመጠን ያለፈ ጫና ሲሆን ነው፣ ያም የሚታየው በወጪው፣ በድርጅቱ መጠንና በሥራው ጠባይ ነው አለች። ገበታውን አፍርሰው ዝቅ ያድርጉ ብልዎ አንድ ነገር ነበር፤ እንዳያንሸራትት እግሩ ላይ ጎማ የተመታበት ወንበር በግድግዳው በኩል ባለው ጫፍ ማስቀመጥ ግን ጫና አይባልም። የሌሎቹ ድርሻ እንዳይነካም የፈይዛ ሥጋ ለብቻው ይመዘን አለች። ሐጂ ኢንሻአላህ አሉ።

ወንበሩ መጣ። ለብቻ መመዘኑ ግን ቀረ፣ ሐጂም አውቀው ነው ያስቀሩት። ፈይዛ ተቀምጣ መበለት እስክትለምድ ዘገየች፣ የገበታው ሚዛንም፣ የሁሉም ድርሻም ቀነሰ። ሐጂ ክፍያውን ሲያድሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ላድርግ ልጆቼ፣ ሕግ ነው» አሉ። የፈይዛ ለብቻው ይመዘን መባሉን አልነገሯቸውም። እንዲህ ያለ ጭካኔ እጅግ ያናድደኛል፤ እጁ ንጹሕ ነውና ማንም አይከሰውም።

በማግስቱ አሳ የያዘው ባልዲ ፈይዛ ጋ ሳይደርስ መመለስ ጀመረ። የመለሰችው ከሪማ ናት፣ የፈይዛ ሟች ባል እህት፣ ቢላ አያያዝ ያስተማረቻት።

«እኔም ልጆች አሉኝ» አለቻት። «ለአንቺ ብየ የነሱን ጉሮሮ አልዘጋም። ተነሽና ወይ ቁሚ፣ ወይ ሂጅ።»

ፈይዛ ቀኑን ሙሉ ባዶ ገበታ ፊት ተቀመጠች። እንዲህ ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

ሰብለ ወንጌል እንዴት እንደሆነች ልታይ ስትመለስ ፈይዛን ልብሷን ለውጣ ሥራውን ትታ ስትወጣ በር ላይ አገኘቻት። ማን አስገደደሽ ብላ ጠየቀቻት። ለብቻ ተመዝኖልሽ ነበር ወይ ብላም ጠየቀች፤ አንዲት ቃል ብትናገር ጉዳዩን ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ እንደምትወስደው ነገረቻት።

ፈይዛ ወደ ውስጥ አየች። ከሪማ አንገቷን ደፍታ ትበልታለች። ቦርዱ ቢፈርድላት የምትመለሰው እዚያው ገበታ ነው።

«ማንም አላስገደደኝም» አለች። «ሥራውን በፈቃዴ ተውሁት።»