ከላይ ያለው ቢጫ መስመር

«ነቢዩ» ያሉት የዲጂታል ገንዘብ ገበያው የት እንደሚደርስ ሁለቴ ቀድሞ ስለተናገረ ነው። ሰው ሁለቴ ከቀናው ነቢይ ሆነ፤ ሦስተኛውን ማን ይጠብቃል! ልብስ ሰፊዋ እህቱም አምናው፣ አዲስ የስፌት መኪና ልትገዛበት ያጠራቀመችውን አንድም ሳታስቀር ሰጠችው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ከጓደኛው ጋር በተከራዩት ጠባብ ክፍል፣ ነቢዩ ስክሪኑ ላይ ሂትማፑን፣ በብድር የገቡ ሰዎች የሚከስሩበትን ዋጋ በቢጫ የሚያሳየውን ካርታ፣ ከፍቶ አፍጥጧል። ከዋጋው በላይ አንድ ቢጫ መስመር ቦግ ብሏል።

«እየው! ይወርዳል ብለው ተበድረው የሸጡት የሚቃጠሉት እዚህ ጋ ነው። ዋጋው ሲነካቸው ሲስተሙ በግድ ይዘጋባቸዋል። መዝጋት ማለት ለነሱ መልሶ መግዛት ነው፤ ግዢው ደግሞ ዋጋውን ሽቅብ ይገፋዋል። ማግኔት በለው!»

ጓደኛው ባንክ ቤት ሠርቶ የወጣ፣ ቀዝቃዛ ሰው ነው። «ከታችም ቢጫ አለ» አለው። «ደብዘዝ ይላል እንጂ ይቀርባል። ይወጣል ብለህ የእህትህን ገንዘብ በሃያ አምስት እጥፍ ብድር አስገብተህ፣ አንተ ራስህ የምትቃጠለው እዚያ አይደል? ካርታው የቱ እንደሚቀድም አይናገርም። እሱም ቢሆን ግምት ነው፤ ሰው በስንት እጥፍ ገባ ብለው አስበው የሳሉት። ዘግቶ የወጣውን ሁሉ አያውቁትም።»

«አታሟርት!»

«እሺ፣ ግማሹን እንኳ ዝጋ።»

ነቢዩ እጁን አላነሳም። ለእህቱ «ዛሬ እዚያ ይደርሳል» ብሎ ቃል ሰጥቷል፤ ዋጋውን የምትከታተልበትን መተግበሪያም ስልኳ ላይ ጭኖላታል።

ዋጋው መውረድ ጀመረ። ነቢዩ «ይመለሳል፣ ይመለሳል» እያለ ለራሱ አንሾካሾከ። ዋጋው የታችኛውን ቢጫ ሲነካ ይወጣል ብለው የገቡት በተራቸው በግድ ተሸጠባቸው፤ የነሱ ሽያጭም ይብስ አወረደው። የነቢዩ ግብይት ከእህቱ ገንዘብ ጋር ከስክሪኑ ላይ ጥፍት አለ። ጓደኛው ወንበሩን አስጠግቶ ጎኑ ተቀመጠ።

ከዚያ፣ የገበያ ነገር፣ ዋጋው ዞሮ ወደ ላይ ተፈተለከ። ያንን ቢጫ መስመር ነክቶ አለፈው። ነቢዩ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣ።

ስልኩ ጮኸ።

«እልልልል! ደረሰ እኮ!» እህቱ ናት። «ያልከው ቦታ ደረሰ! አንጀቴን አራስከው፣ ወንድሜ። አላስቻለኝም፤ ለሻጩ ደውዬለት የስፌት መኪናውን አምጥቶታል።»

«እህቴ...»

«ምነው? አልደረሰም እንዴ?»

«ደርሷል» አላት። «መጀመሪያ ግን ወርዶ እኛን በላን። ሲደርስ እኛ የለንበትም።»

ከጀርባዋ የአንድ ወንድ ድምፅ ተሰማ፤ የከበደው ነገር ይዞ እንደቆመ ያስታውቃል።

«እመቤት፣ የት ጋ ላስቀምጠው?»