የጋራ ወጪ

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። አምሐ ከደሴ ተመድቦ ባሕር ዳር የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የዘጌዋን የብርጓልን አግብቶ፣ የቀበሌ ቤት ተከራይቶ፣ ደመወዙን ከወር ወር እያብቃቃ የሚኖር፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ ሰው። የሚሠራበት የመንግሥት ድርጅት ጣና ዳር ነበር። ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ለትምህርት ቤት ዴስክ ይሠራል፣ አንዱ የብረት በርና መስኮት ይበይዳል፣ አንዱ ደግሞ ውኃው አፋፍ ላይ የእንጨት ጀልባ ይሠራል፣ ያረጀውንም ይጠግናል።

ጀልባ ክፍል የሚሠራው አለበል የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። መሪጌታ አባቱ ሲሞቱ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ከዘጌ ይዘውት ተሻግረው፣ «ልጄ፣ አደራ፤ ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም» ብለው ለአምሐ ሰጡት። አደራ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አምሐም ለመነ፣ ደጅ ጠና፣ አስቀጠረው።

ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ቀበሌው ኮታ አለበት፤ ኮታውን ካልሞላ ሊቀመንበሩ ራሱ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከገበያውም ከሰርግ ቤቱም ወጣት እያፈሰ ይሞላል። የድርጅቱ ልጆች የተረፉት አንዲት ማኅተም ያረፈባት ወረቀት በኪሳቸው ስላለች ነው። «ለምርት አስፈላጊ ነው» ትላለች። ክፍሉ የተዘጋበት ሰው ግን ለምን ምርት ነው የሚያስፈልገው? ወረቀቷን ይመልሳል፣ ስሙም ለቀበሌ ይተላለፋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚያወራው ግን የለም።

ጥር ላይ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። እያንዳንዱ ድርጅት የትኛው ምርቱ እንደሚያተርፍ፣ የትኛው እንደሚያከስር ለይቶ ያቅርብ፣ የሚያከስረውን ይዝጋ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ አገኘሁ አምሐን አስጠርተው ወረቀቱን ወረወሩለትና በቶሎ ሠርተህ አምጣ አሉት።

አምሐ ሠራው። መጀመሪያ ለየክፍሉ የራሱን ወጪ ብቻ ቀነሰ፤ እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ሚስማሩን፣ የሠራተኛውን ደመወዝ። በግማሽ ዓመት ዴስክ ከራሱ ወጪ በላይ ሃያ ሺህ ብር አስገብቷል፣ ብረታ ብረት ዐሥራ ሁለት ሺህ፣ ጀልባ ዐሥር ሺህ። ከዚህ ላይ የማንም ያልሆነው፣ የሁሉም የሆነው የጋራ ወጪ አለ። የሥራ አስኪያጁና የጽሕፈት ቤቱ ደመወዝ፣ የጥበቃው፣ የመኪናው፣ የግቢው ኪራይ፤ ሠላሳ ስድስት ሺህ። ሦስቱ ክፍሎች ተጋግዘው ይህን ይሸከማሉ፤ ስድስት ሺህ ብር ይተርፋል። አበቃ። ድርጅቱ ትርፋማ ነው።

ጣጣው የጋራውን ወጪ ለሦስቱ ሲያካፍሉት ነው። ድርጅቱ ከጥንት ጀምሮ የሚያካፍለው በሠራተኛ ሰዓት ነበር። ጀልባ የእጅ ሥራ ነው፤ ሰው በመጥረቢያና በመሮ ሲለፋ ይውላል፤ ስለዚህ ከጋራው ወጪ ትልቁ ድርሻ፣ ዐሥራ አራት ሺህ፣ እሱ ላይ ይወድቃል። ዐሥር አስገብቶ ዐሥራ አራት ሲሸከም አራት ሺህ ከሰረ ይባላል። ቢዘጋ ግን ጥበቃው አይቀነስ፣ መኪናው አይሸጥ፣ ኪራዩ አይወርድ። ያ የጀልባ ድርሻ የተባለው ወጪ ተነስቶ በቀሪዎቹ ጫንቃ ላይ ይቀመጣል፤ የሚጠፋው ጀልባ ያስገባው ዐሥር ሺህ ብቻ ነው።

አምሐ ይህን ለጓድ አገኘሁ አንድ በአንድ አስረዳ። ማናቸውም አይዘጉ፣ አንዱን ከዘጋን ድርጅቱ በሙሉ ኪሣራ ውስጥ ይገባል አለ። ሰውየው ሞኝ አልነበሩም፤ ገባቸው።

«ልክ ነህ» አሉት። «ግን ‹ሁሉም ያዋጣሉ› የሚል መልስ ወደ ላይ አይላክም። አንድ ዝጋ ተብያለሁ፣ አንድ እዘጋለሁ። የከሰረው ጀልባ ነው አይደል?»

«ነገ ላረጋግጥና ልምጣ» አለ አምሐ።

ቤቱ ገብቶ ለየብርጓል ነገራት። ምን ሊያደርግ ነበር የነገራት? ሴትዮዋ ራት አልቀመሰችም። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ እናቴን ምን ብዬ ነው የማያት ብቻ አለች። ይህ ከልቅሶ ባሰበት።

በማግሥቱ አምሐ የጋራውን ወጪ በሌላ ማካፈያ፣ ማሽን በሠራበት ሰዓት፣ አካፈለው። ጀልባ ክፍል ማሽን የለውም ማለት ይቻላል፤ ድርሻው ሦስት ሺህ ሆነና ሰባት ሺህ አተረፈ። ብየዳው ግን ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ነው የሚውለው፤ ዐሥራ ሰባት ሺህ ተሸከመ። ብረታ ብረት አምስት ሺህ ከሰረ። ነገሩ ውሸት አልነበረም። ይህም ማካፈያ በመጽሐፍ ያለ፣ የተማረበት ነው። አንዲት ቁጥር አልሰረዘም፣ አንዲት ቁጥር አልጨመረም። ኪሣራውን ብቻ ከአንድ ቤት አንስቶ ሌላ ቤት አስገባው።

«ይኼኛው ይሻላል» ብሎ ፈረመበት። ጓድ አገኘሁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ቀና ብለውም አምሐን ተመለከቱት። ከዚያ ብረት እንደሆነ ከውጭ አገር በምንዛሪ ነው የሚመጣው፣ ብንተወው የሚቆጣን የለም አሉና ማኅተሙን አሳረፉበት።

የብየዳ ክፍል ልጆች ተሰናበቱ። ባለትዳሮቹ ወደየአገራቸው ገቡ፤ ላጤዎቹ ወረቀታቸውን መለሱ፣ ስማቸው ለቀበሌ ተላለፈ። ከነሱ አንዱ አስናቀ ነው። አስናቀ የእማማ ባንቺአየሁ አንድያ ልጅ ነው፤ እማማ ባንቺአየሁ ደግሞ የአምሐ ጎረቤት ናቸው፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የብርጓል ስትወልድ ያረሷት፣ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው ናቸው። አስናቀና አለበል አንድ አልጋ ላይ የሚያድሩበት ጊዜ ነበር።

ልጁ በተወሰደ ሰሞን አምሐን በር ላይ አስቁመው ጠየቁት።

«ልጄ የሠራው በር ይሸጥ አልነበረም እንዴ? አንተ የቁጥር ሰው ነህ፣ አንተ ታውቃለህ።»

«ይሸጥ ነበር፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«ወጪው በዛ» አለ አምሐ። መሬት መሬት እያየ ነው ያለው።

እሳቸውም አመኑት። ከሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚያምኑት። ልጁ ከሚሠለጥንበት ከታጠቅ ጦር ሰፈር የመጣውን ደብዳቤ ያነበበላቸው እሱ፣ መልሱን የጻፈላቸው እሱ፣ በየማለዳው «እድሜ ይስጥህ» እየተባለ የተመረቀውም እሱ ነው። ምርቃቱን እየሰማ ሥራ መሄድ እንዴት እንደቻለ እንጃ። ሰው ይችላል።

ግንቦት ላይ መርዶ መጣ። ሽማግሌ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ ሲነግራቸው አምሐም ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ነበር፤ ጎረቤት ነዋ፣ እንዴት ይቀራል? አስናቀ ሰሜን ግንባር ቀርቷል። እማማ ባንቺአየሁ ፊታቸውን ሲነጩ እጃቸውን ከያዙት አንዱ እሱ ነበር። አለበል ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዳሩ እሳቸው ቤት ሆነ።

ሰኔ ሲያልቅ ዓመቱ ተዘጋ፤ የሁለተኛው ግማሽ ዓመት ሒሳብ ተሠራ። አምሐ በጥር ያለው ነገር ሳይዛነፍ ደረሰ። የብረታ ብረት ዐሥራ ሁለት ሺህ ጠፋ፤ የጋራው ወጪ ግን እዚያው ሠላሳ ስድስት ሺህ ላይ ቁጭ ብሏል። ዴስክና ጀልባ ተባብረው ያስገቡት ሠላሳ ነው። ድርጅቱ ስድስት ሺህ ከሰረ። ከበላይም ያው ትእዛዝ፣ ቁጣ ተጨምሮበት ተመልሶ መጣ። የሚያከስረውን ዝጋ።

በማሽን ሰዓት ሲካፈል የጋራው ወጪ ሁሉ ማለት ይቻላል ዴስክ ላይ ተቆለለ፤ ዐሥር ሺህ ከሰረ። ጀልባ አተረፈ። አምሐ ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ልቡ ትንሽ ተስፋ ነበራት። ጓድ አገኘሁ አንብበው ፈገግ አሉ።

«ዴስክ አይዘጋም። የትምህርት ሚኒስቴር ትእዛዝ ነው፣ እኔም አንተም እንበላበታለን። ማካፈያውን ወደ ድሮው መልስልኝ።»

«ጓድ፣ ባለፈው እኮ ይኼኛው ይሻላል ተብሎ ተፈርሟል።»

«አንተ ነህ የፈረምኸው። ማካፈያ ሲለወጥ ኪሣራው ቦታ እንደሚለውጥ ያስተማርኸኝም አንተ ነህ። ለምን እንደለወጥኸው ያላወቅሁ መሰለህ? ያን ጊዜ ለአንተ አለፍሁልህ፤ አሁን ለእኔ ነው።»

አምሐ ለመነ። ጀልባ ከተዘጋ ዴስክ ብቻውን ሃያ አስገብቶ ሠላሳ ስድስት እንደማይሸከም፣ በዓመቱ ድርጅቱ በሙሉ እንደሚዘጋ ነገራቸው። ሰውየው እስከዚያ እኔ ሌላ ቦታ እዛወራለሁ አሉና ወደ ሌላ ወረቀት ዞሩ። አምሐ ቢሮው ተመልሶ በሠራተኛ ሰዓት አካፈለው። ጀልባ ወደ ዘጠኝ ሺህ ከሰረ። የገዛ እጁ ጻፈችው።

ማታ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ብሎ ወደ ውኃው ዳር ወረደ። አለበል ለቁንዝላ ሰዎች የተሠራች አዲስ ጀልባ ሥር ተንበርክኮ በሬንጅ የተነከረ ጥጥ በሳንቃዎቹ መሐል እየጠቀጠቀ ነበር። አምሐ አጠገቡ ተቀመጠና ሁሉንም ነገረው። ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ ለምን እንደሚዘጋ፣ ጥር ላይ መዘጋት የነበረበትም ጀልባ ክፍል እንደነበረ። ለምን ሁሉንም እንደነገረው እሱም አያውቀው፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም አቃተው።

አለበል እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ጋሼ፣ አስናቀ የሄደው በእኔ ቦታ ነው?»

«አዎ።»

«እኔም አሁን እሄዳለሁ።»

«አዎ።»

«እና የአስናቀ ነፍስ ለስድስት ወር ነው?»

አለበል መዶሻውን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠና ብቻውን ወደ ከተማው ወጣ። አምሐ ሊከተለው ተነሣ፣ መልሶ ተቀመጠ።

ቤቱ ሲደርስ የብርጓል መብራት ሳታበራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አለበል እንደልማዱ እማማ ባንቺአየሁ ቤት ነበር። በጭቃው ግድግዳ በኩል ድምፁ ይሰማል፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ልጅ እየተንተባተበ ይናገራል። ባልና ሚስት እስትንፋሳቸውን ይዘው አዳመጡ። ቃሉ አይለይም። በመጨረሻ አለበል ንግግሩን ጨረሰ።

ከዚያ እማማ ባንቺአየሁ፣ ሳይጮኹ፣ የሰሙትን መልሰው እንደሚጠይቁ ሰው፣ ተናገሩ።

«አምሐ? የእኛው አምሐ?»